ለአከራይዎ የሚጻፍ አጭር ደብዳቤ፦ የተመዘገበው አድራሻ የትኛው ነው?

ደብረ ብርሃን ቤት የሚፈልግ ሰው «ብርድ ልብስ ፋብሪካ ጋ ስትደርስ ደውል» ይባላል፤ ይበቃዋል። መሐል ሜዳም ሸዋ ሮቢትም ያው ነው። እንግሊዝ አገር ግን ፖስት ኮድዎን ሲያስገቡ የአድራሻ ዝርዝር ይመጣል፤ ከዚያ የእርስዎን መምረጥ ነው። ባንኩም ብዙ ጊዜ የሚሠራው እንደዚህ ነው።

ጣጣው የሚመጣው አንድ ቤት ለሁለት ለሦስት ሲከፈል ነው። እንበል አንድ የመንዝ ልጅ ለንደን ውስጥ 14 ቁጥር ቤት ፎቁን ተከራየ። ውሉ «14ቢ» ይላል። በሩ ላይ «ፍላት 2» ተለጥፏል። ዝርዝሩ ላይ ደግሞ «ፈርስት ፍሎር ፍላት፣ 14» እና «ግራውንድ ፍሎር ፍላት፣ 14» ብቻ ናቸው ያሉት። ገምቶ ከሳተ ለአካባቢው አስተዳደር ለካውንስሉ የሚከፈለው የቤት ግብር፣ ማለትም የካውንስል ታክሱ፣ በጎረቤቱ ቤት ላይ ሊመዘገብበት፣ የባንክ ካርዱም ሰው እጅ ሊገባ ይችላል።

ስለዚህ ከመጻፍዎ በፊት gov.uk ላይ የካውንስል ታክስ ዝርዝሩን በፖስት ኮድ ይፈልጉ። ለማንም ክፍት ነው። ያገኙትን ፊደል በፊደል ይገልብጡ። ከዚያ በኢሜይል ይጻፉ፤ በስልክ የተባለ ነገር በኋላ ማስረጃ አይሆንም።

«አድራሻዬን ይንገሩኝ» ብቻ አይበሉ። አከራዩ ውሉ ላይ ያለውን መልሶ ይልክልዎታል፣ እርስዎም ባሉበት ይቀራሉ። ሁሉንም አስቀምጠው አንዱን እንዲመርጥ ያድርጉት። በእንግሊዝኛ የሚልኩት ይዘት ይህን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ 14 ቁጥር ላይ ፎቁን የተከራየሁት ነኝ። ውላችን 14ቢ ይላል፣ በሩ ላይ ፍላት 2 ተጽፏል፣ በካውንስል ታክስ ዝርዝር ላይ ደግሞ ፈርስት ፍሎር ፍላት፣ 14 የሚል አገኘሁ። የእኔ ቤት ካውንስሉ ዘንድ የተመዘገበው በየትኛው ነው? የኤሌክትሪክ ቆጣሪዬን ፎቶ አያይዣለሁ፤ የዚሁ ቤት መሆኑንም ቢያረጋግጡልኝ። ዓርብ ባንክ ስለማመለክት እስከ ሐሙስ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል። አመሰግናለሁ።»

በቃ። እንደ እኛ አገር ስለ ቤተሰቡ ደህንነት መጠየቅ አያስፈልግም፤ አጭር መሆኑን እንደ ንቀት አያዩትም። ቆጣሪውን የጨመርኩት በተከፋፈለ ቤት ቆጣሪ ስለሚቀያየር ነው፤ ሳያውቁ የጎረቤትዎን መብራት ሊከፍሉ ይችላሉ።

መልሱ ዝርዝሩ ላይ ካለው ጋር ከገጠመ፣ ከዚያ በኋላ የትም ቦታ ያንኑ ብቻ ይጻፉ፤ ውሉ ላይ ያለውም እንዲስተካከልና እንዲፈረም ይጠይቁ። ካልገጠመ የአከራዩን ኢሜይል ይዘው ራሱን ካውንስሉን ይጠይቁ። አከራዩ «ቤቱ ለብቻው አልተመዘገበም» ካለዎት ግን የካውንስል ታክሱን የሚከፍለው ማን እንደሆነ በዚያው ኢሜይል ላይ በጽሑፍ ያስመልሱ። ይህ ሳይታወቅ ወራት ካለፉ ሂሳቡ ተጠራቅሞ ሊመጣብዎት ይችላል።