የእርሻ መሬት ኪራይ ሐሳብ እንዴት ይጻፋል? ዘመኑ፣ ክፍያውና አጠቃቀሙ

አክስቴ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ሦስት ጥማድ መሬት አላት። ባሏ ካረፈ ወዲህ በሬ የላትም፣ ልጆቿም ከተማ ገብተዋል። በጥቅምት 2013 ለተዝካሩ ገንዘብ ሲቸግራት መሬቱን «ለሦስት ዓመት» ብላ በቃል ለጎረቤት ገበሬ አከራየችው። ጥቅምት 2016 ሲደርስ «ዘመኑ አልቋል» አለች። እሱ ደግሞ «እትዬ፣ እኔ ያነሳሁት ሁለት አዝመራ ነው፤ ሦስተኛው ይኸው ማሳው ላይ ቆሟል» አላት። ሁለቱም አልዋሹም። እሷ የቆጠረችው ብር ከተቀበለችበት ቀን ነው፤ እሱ የቆጠረው ምርት ነው። ጉዳዩ በሽማግሌ አለቀ፣ ግን ሁለት ክረምት ሳይነጋገሩ ቆዩ።

ከውል በፊት አንድ ገጽ የኪራይ ሐሳብ ቢጻፍ ይህ አይመጣም። ሐሳቡን የሚጽፈው ባለመሬቱም ሆነ ተከራዩ ሊሆን ይችላል፤ በእኔ ግምት ተከራዩ ቢጽፈው ይሻላል፣ መሬቱን ምን ሊያደርገው እንዳሰበ የሚያውቀው እሱ ነውና።

በመጀመሪያ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን አስወጥታችሁ እዩት። የማን ስም አለበት? ባልና ሚስት በጋራ ከተመዘገቡ ሐሳቡ ለሁለቱም ይቅረብ፣ ሁለቱም ይፈርሙ። አንዱ ሞቶ ከሆነ ወራሾች መኖራቸውን ጠይቁ። የማሳውን ስፋትና በአራቱም በኩል የሚያዋስኑትን ሰዎች ከደብተሩ ገልብጡ፤ ካርታ ካለው የማሳውን መለያ ቁጥርም ጻፉ። «ከወንዙ በላይ ያለው መሬት» የሚል አጻጻፍ ሁለት ማሳ ባለበት ቦታ ጠብ ይወልዳል። ጥማድ ብቻ ብላችሁም አትለፉ። በብዙ ቦታ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው ተብሎ ይታሰባል፣ በተግባር ግን የአንዱ ሰው ጥማድ ከሌላው ይሰፋል።

ቀጥሎ ዘመኑ ነው። ዓመት ብቻ ሳይሆን አዝመራ ቁጠሩ። የአክስቴ መሬት ላይ ጤፍ የሚዘራው ሐምሌ ነው፣ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ፤ ስለዚህ ውሉ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ዐውድማው ተጠርጎ፣ ማሳው ባዶ ሆኖ፣ አዲስ ገመሳ ሳይጀመር ባለው ጊዜ ላይ መውደቅ አለበት። ለምሳሌ «ከየካቲት 1 ቀን 2018 እስከ ጥር 30 ቀን 2021፤ ይህም ሦስት የመኸር ምርት ነው» ብትሉ ቀኑም ምርቱም አንድ ይሆናል። መስኖ ካለ የበጋው ምርት ስንት ጊዜ እንደሚነሳ ለብቻው ይጻፍ።

ስንት ዓመት ይሁን ለሚለው፣ ተከራዩ መሬቱ ላይ ምን ሊያፈስ እንዳሰበ ተመልከቱ። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ኖራ የሚበትን ሰው ጥቅሙን በአንድ ዓመት አያነሳውም፣ ኖራ ለተከታታይ ዓመታት ነው የሚሠራው። የአንድ ዓመት ተከራይ ግን ፍግ እንኳ አይጨምርም፤ አይፈረድበትም። በሌላ በኩል ሕጉ ጣሪያ አለው። በኦሮሚያ በ1999 የወጣው አዋጅ ቁጥር 130 አንድ ገበሬ ከይዞታው ከግማሽ በላይ እንዳያከራይ፣ በባህላዊ እርሻም ኪራዩ ከሦስት ዓመት እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። በሌሎች ክልሎች ልኩ ሌላ ነው፤ በ2016ም አዲስ የፌደራል የገጠር መሬት አዋጅ፣ ቁጥር 1324፣ ወጥቷል። ስለዚህ ቁጥሩን ከመጻፋችሁ በፊት የቀበሌውን የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ጠይቁ።

ክፍያው ላይ ብዙ ሰው የሚያውቀው ሁለት መንገድ ነው፦ ቁርጥ ብር ወይም እኩል። ቁርጥ ብር ለባለመሬቷ በዚያው ቀን እጇ ይገባል፣ ግን የሦስት ዓመቱን በአንዴ ከተቀበለች በሦስተኛው ዓመት ዋጋው ቀልጧል። እኩል ደግሞ ኪሳራውንም ትርፉንም ያካፍላል፤ ጣጣው ማዳበሪያውና ዘሩ ከመካፈሉ በፊት ይነሣ ወይስ ከተከራዩ ድርሻ ይሁን የሚለው ነው። ከተማ ያለች ባለመሬት ስንት ኩንታል እንደተወቃም አታይም።

እኔ ለአክስቴ የመረጥኩት ሦስተኛውን ነው፤ ኪራዩ በእህል ይለካል፣ በብር ይከፈላል። ሦስት ጥማድ ማለት ሦስት አራተኛ ሄክታር ነው። በሄክታር 18 ኩንታል ጤፍ ቢገኝ 13 ኩንታል ተኩል ይሆናል፣ እኩሌታው ወደ 7 ኩንታል ይጠጋል። ወጪውና ሥጋቱ ሁሉ የተከራዩ ስለሆነ ግን ኪራዩን በጥማድ አንድ ኩንታል ተኩል፣ በድምሩ 4 ኩንታል ተኩል አደረግነው። ዋጋው በጥር የመጀመሪያው ቅዳሜ በወረዳው ገበያ በሚሸጥበት ይሰላል። እዚህ ላይ የጤፉን ዓይነት መጻፍ አትርሱ። ማኛና ሰርገኛ ዋጋቸው አይገናኝም፤ እኛ «ሰርገኛ» ብለን ጽፈናል፣ ምክንያቱም መሬቱ የሚያበቅለው እሱን ነው።

በረዶ ቢመታስ? «ከማሳው ከግማሽ በላይ ከጠፋ ኪራዩ በግማሽ ይቀነሳል፤ ተከራዩ ግን በሦስት ቀን ውስጥ አሳውቆ፣ ሁለት ምስክር ማሳውን እንደቆመ ማየት አለበት» ይባል። ከታጨደ በኋላ የሚመጣ የበረዶ ወሬ አያልቅም።

ጭዱንም ጻፉ። ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን በበጋ የጤፍ ጭድ ብር ነው። እኛ ጋ ጭዱ የተከራዩ፣ ከአጨዳ በኋላ ያለው ግጦሽ የአክስቴ ሆኗል።

አጠቃቀሙ ላይ አንድ ቃል ብቻ ብትጽፉ «ባህር ዛፍ አይተከልም» የሚለው ይሁን። ዛፉ ከኪራዩ ዘመን በላይ ይቆያል፣ ተቆርጦም ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ውሃውን ስቦ አጠገቡ ያለውን ጤፍ ያቀጭጨዋል። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው እርከኑን ማን ይጠግናል፣ በሁለተኛው ዓመት ባቄላ ወይም ሽምብራ ይፈራረቅ ወይ፣ ተከራዩ ለሦስተኛ ሰው ማከራየት ይችላል ወይ የሚለው ነው። ኖራ የሚበተን ከሆነ «ባለመሬቷ ከዘመኑ በፊት ውሉን ብታፈርስ የቀረውን ወጪ ትመልሳለች» የሚል ይጨመር።

ሲጻፍ እንዲህ ይመስላል፦

«ለእትዬ፦ በደብተርዎ የተመዘገበውን ሦስት ጥማድ ማሳ ከየካቲት 1 ቀን 2018 እስከ ጥር 30 ቀን 2021፣ ሦስት መኸር ለማረስ እጠይቃለሁ። በየዓመቱ የ4 ኩንታል ተኩል ሰርገኛ ጤፍ ዋጋ እስከ ጥር 30 እከፍላለሁ። ጤፍና ባቄላ አፈራርቄ እዘራለሁ፤ ዛፍ አልተክልም፣ እርከኑን በየዓመቱ ግንቦት እጠግናለሁ። ጭዱ የእኔ፣ ግጦሹ የእርስዎ ይሆናል። በረዶ ማሳውን ቢያጠፋ ከላይ እንደተነጋገርነው ይሁን።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ስህተት ነው፤ ሆን ብዬ ተውኩት። «እንደተነጋገርነው» የሚል ቃል ወረቀት ላይ ዋጋ የለውም፤ ሦስቱ ቀን፣ ሁለቱ ምስክር፣ ግማሹ ቅናሽ በሙሉ መስፈር አለባቸው።

ባለመሬቷ ከተስማማች ሐሳቡ በሦስት ቅጂ ወደ ውል ይገለበጣል፣ ምስክሮች ይፈርማሉ፣ ከዚያ በቀበሌው በኩል ወረዳው መሬት አስተዳደር ቀርቦ ይመዘገባል። አንዱ ቅጂ እዚያው ይቀራል። ብር የምትቀበሉት ከምዝገባው በኋላ ይሁን፣ በእያንዳንዱ ክፍያም ከውሉ ጀርባ ቀንና መጠን ጽፋችሁ ተፈራረሙ። በተረፈ ብድር ወስዶ «እስክመልስ መሬቱን ብላ» ማለት፣ ወለድ አግድ የሚባለው፣ ማብቂያ ቀን ስለሌለው ኪራይ አይደለም፤ እዚህ ወረቀት ላይ አትቀላቅሉት።