ግፊቱ ከ760 ንቅንቅ አልል ሲል፦ የእንፋሎት ግፊት ስሌት ችግርና መፍትሄ

በአንድ ሙቀት ላይ ያለውን የእንፋሎት ግፊትና የመትነን ኢንታልፒውን ይዘን በሌላ ሙቀት ላይ ያለውን ግፊት እንፈልጋለን። ቀመሩን ታውቁታላችሁ፦

```
ln(P2/P1) = (ΔH/R) × (1/T1 − 1/T2)
```

ምሳሌያችን ውሃ ይሁን። በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ግፊቱ 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው፤ የመትነን ኢንታልፒው ደግሞ በሞል 40.7 ኪሎጁል። በ92 ዲግሪስ? 92ን የመረጥኩት አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው እዚያ አካባቢ ስለሆነ ነው። በትክክል የሰራ ሰው 570 ያገኛል፤ የውሃ ሰንጠረዥ 567 ይላል። መልሳችሁ ከዚህ ከራቀ የወጣውን ቁጥር ደህና አድርጋችሁ እዩት። ጥፋቱ የት እንዳለ ይነግራችኋል።

መልሱ 1013 ከሆነ ምልክቱ ተገልብጧል። ሙቀት ሲቀንስ ግፊት መቀነስ አለበት። 392 ከሆነ በመጨረሻ `e` መጠቀም ሲገባችሁ 10ን ተጠቅማችኋል። ወደ 11 ከወረደ ሙቀቱን ወደ ኬልቪን ሳትቀይሩ በሴልሺየስ አስገብታችኋል። 738 ከሆነ 40.7ን እንዳለ ይዛችሁ `R`ን ከጋዝ ሕግ ምዕራፍ 0.08206 አድርጋችሁ ወስዳችኋል፤ እዚህ አይሰራም።

መልሱ 760 ወይም ለ760 አንድ ሐሙስ የቀረው ከሆነ

የማስጠናቸው ተማሪዎች ደብተር ላይ ሁልጊዜ የማየው ይሄንን ነው። መንስኤው ሁለት ነው፤ የሚለዩት ደግሞ ከነጥብ በኋላ ባለው ቁጥር ነው።

759.8 ካገኛችሁ ጥፋቱ ኪሎጁል ነው። 40.7ን እንዳለ ለ8.314 አካፍላችኋል። `R` የሚለካው በጁል ስለሆነ ኢንታልፒውም 40,700 ጁል መሆን አለበት። አሃድ ሳይጽፉ «ΔH = 40.7» ብለው ብቻ የሚያትሙ ሃንድአውቶች በጣም ያናድዱኛል። ለዚህ ስህተት ግማሹ ተጠያቂ እነሱ ናቸው።

ድፍን 760 ከወጣ ግን ጥፋቱ ማጠጋጋት ነው። 1/373.15 ማለት 0.0026799 ነው፤ 1/365.15 ደግሞ 0.0027386። ሁለቱንም 0.0027 ብላችሁ ከጻፋችሁ ልዩነታቸው ዜሮ ሆነ፤ ግፊቱም ከቦታው አልተነሳም። የምንፈልገው ነገር በሙሉ ያለው በቆረጣችሁት አሃዝ ውስጥ ነው። ቢያንስ እስከ ሰባተኛው የአስርዮሽ ቦታ ጻፉ፦

```
1/T1 − 1/T2 = −0.0000587
40700/8.314 = 4895
4895 × (−0.0000587) = −0.2873
P2 = 760 × e^(−0.2873) = 570
```

ከሁሉ የሚሻለው ግን ቁጥሩን ወረቀት ላይ ሳትገለብጡ እዚያው ካልኩሌተሩ ላይ መጨረስ ነው። እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ብዙ ካልኩሌተሮች 0.0027386ን የሚያሳዩት 2.7386 ብለው ነው፤ `×10⁻³` ጥግ ላይ በትንሹ ትቀመጣለች። አንድ ተማሪ እሷን ዘሎ 2.7386 እና 2.6799 ብቻ ጻፈ። ኪሎጁሉንም አልቀየረም። መልሱ 570 ወጣ! አንዱ ስህተት በሺህ አበዛ፣ ሌላው በሺህ ቀነሰ፣ ተጣፉ። ልጁ ዘዴው ትክክል መስሎት ቀጠለ። የሚቀጥለው ጥያቄ ኢንታልፒውን በጁል ሲሰጠው መልሱ ዜሮ ሆነበት፤ የት እንደሳተ ማግኘት ከባድ ነበር፤ ምክንያቱም «ያው እንደበፊቱ ነው የሰራሁት» ይላል። እውነቱን ነው።

ስለዚህ መልሱ ልክ ቢመጣም መካከለኛውን ቁጥር አረጋግጡ። ከ100 ወደ 92 ለመውረድ `ΔH/R` 5,000 ገደማ፣ የ`1/T` ልዩነት ደግሞ ከአስር ሺህ አንድ እንኳ የማይሞላ መሆን አለበት።

ሁሉም ልክ ሆኖ መልሱ ከሰንጠረዡ ሲርቅ

በዚሁ መነሻ ወደ 25 ዲግሪ ውረዱ። ቀመሩ 28 ይሰጣችኋል፤ ሰንጠረዡ ግን 23.8 ይላል። እዚህ ስሌታችሁን አትጠራጠሩ። ቀመሩ ኢንታልፒው በሙቀት አይለወጥም ብሎ ይነሳል። የውሃ ኢንታልፒ ግን በ25 ዲግሪ 44.0 ኪሎጁል ነው። 44.0ን ከ100 ዲግሪ መነሻ ጋር ብታስገቡም አይፈታም፤ ወደ 21.5 ይወርዳል።

መፍትሄው ቅርብ መነሻ መያዝ ነው። በ20 ዲግሪ የውሃ ግፊት 17.5 ነው። ከዚያ ተነስታችሁ በ44.0 ኪሎጁል ወደ 25 ብትወጡ 23.7 ታገኛላችሁ። ቅርብ መነሻ ካጣችሁ በሁለቱ ኢንታልፒዎች አማካይ ስሩ። 42.4 ኪሎጁል ከ100 ዲግሪ ተነስቶ 24.4 ይሰጣል።