ወደ ቤተሰብ የተላከ ገንዘብ ሲያንስ የጎደለው የት እንደቀረ እንዴት ማወቅ ይቻላል?

በሰው አገር ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት ሴት ለእናቷ 400 ዶላር በባንክ ላከች። የመላኪያ ክፍያው 12 ዶላር ስለነበር ከሂሳቧ በጠቅላላው 412 ዶላር ወጣ። በዚያ ቀን አንድ ዶላር በእናቷ አገር ገንዘብ 50 እንደሚመነዘር በስልኳ ተመልክታ ነበርና 20,000 እንደሚደርሳቸው አስቀድማ ነገረቻቸው። ከሦስት ቀን በኋላ እናቷ ደውለው «የሰጡኝ 18,180 ነው፤ ተሳስተሽ እንዳይሆን ልጄ» አሏት።

ልጅቱ መጀመሪያ የጠረጠረችው ገንዘቡን ቆጥሮ የሰጠውን ሠራተኛ ነበር። ነገር ግን የሰረቀ ሰው አልነበረም። ገንዘቡ አራት ቦታ ላይ ጥቂት ጥቂት ተቀንሶለት ነበር፤ ከአራቱ ለእርሷ በግልጽ የተነገራት አንዱ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው፣ እርሷ ያደረገችውን ተከትሎ ማንም ላኪ የራሱን ገንዘብ መንገድ የሚፈትሽበት አካሄድ ነው።

1. አራት ቁጥሮችን መሰብሰብ

የመጀመሪያው ከላኪው ሂሳብ የወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ነው። ሁለተኛው በትእዛዙ ላይ የተጻፈው የሚላከው መጠን፣ ሦስተኛው ተቀባዩ በእጁ ያገኘው፣ አራተኛው ደግሞ የዕለቱ መካከለኛ ተመን ነው፤ ይህም በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው፣ ባንኮች እርስ በርስ ሲገበያዩ የሚጠቀሙበት ተመን ነው። ተቀባዩ ከባንኩ የተሰጠውን ደረሰኝ ፎቶ አንሥቶ ቢልክ በቃል ከሚነገር ቁጥር ይሻላል፤ ምክንያቱም በደረሰኙ ላይ ስንት ዶላር እንደገባ፣ በስንት እንደተመነዘረና ምን እንደተቆረጠ ለየብቻ ይጻፋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በተቀባዩ አገር ሕጋዊው ተመንና የመንገድ ላይ ተመን የሚራራቁ ከሆነ ማነጻጸሪያው ሕጋዊው መሆን አለበት። አለበለዚያ በሁለቱ ተመኖች መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ የባንክ ክፍያ መስሎ ይታያል፤ ሒሳቡም ከመነሻው ይበላሻል።

2. የጎደለውን በየምክንያቱ መለየት

እናትየው የላኩት ደረሰኝ የሚለው ይህን ነበር፦ የገባው 385 ዶላር፣ ተመኑ 48፣ የአገልግሎት ክፍያ 300። ከዚህ በኋላ ስሌቱ ቀላል ነው። ከ400 ዶላር 385 ብቻ ከደረሰ 15 ዶላር መንገድ ላይ ቀርቷል። 385 ዶላር በ50 ሳይሆን በ48 በመመንዘሩ ደግሞ 770 የአገር ቤት ገንዘብ፣ ማለትም 15.40 ዶላር ጠፍቷል። 300 ማለት 6 ዶላር ነው። መጀመሪያ የተከፈለው 12 ዶላር ሲጨመርበት ድምሩ 48.40 ዶላር ይሆናል፤ ይህም ከተላከው 400 ዶላር 12.1 በመቶ ነው።

የዓለም ባንክ የሐዋላ ዋጋዎችን ሲያነጻጽር እንዲሁ የመላኪያ ክፍያውንና የምንዛሪ ልዩነቱን ደምሮ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች የሐዋላ ወጪ እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ይጠይቃሉ። የልጅቱ ወጪ የዚህ ግብ አራት እጥፍ ነበር።

3. መንገድ ላይ የቀረውን መከታተል

ላኪዎችን ከሁሉም የሚያስገርመው ይህ 15 ዶላር ነው፤ ምክንያቱም የወሰደው ባንክ ላኪውም ተቀባዩም የማያውቁት ነው። የላኪው ባንክ ከተቀባዩ ባንክ ጋር ቀጥተኛ ሂሳብ ከሌለው ገንዘቡን በሌላ መካከለኛ ባንክ በኩል ያሳልፋል፤ አንዳንዴም መካከለኞቹ ሁለት ይሆናሉ፤ እያንዳንዱም ድርሻውን ከሚያልፈው ገንዘብ ላይ ሊቆርጥ ይችላል።

ይህን ለማረጋገጥ ከላኪው ባንክ የክፍያ መልእክቱን ቅጂ መጠየቅ ይቻላል። በቆየው የባንኮች የመልእክት ዓይነት ቅጂው `MT103` ይባላል፤ በውስጡም `71A` በሚለው መስመር ወጪውን ማን እንደሚሸከም ይጻፋል። `OUR` ከሆነ ሁሉንም ላኪው ይከፍላል፣ `BEN` ከሆነ ሁሉም ከተቀባዩ ላይ ይቆረጣል፣ `SHA` ከሆነ ደግሞ ላኪው የራሱን ባንክ ብቻ ይከፍልና የቀረው ከሚደርሰው ገንዘብ ይቀነሳል። በአዲሱ የመልእክት ዓይነት እነዚሁ ምርጫዎች በቅደም ተከተል `DEBT`፣ `CRED` እና `SHAR` ተብለው ይጻፋሉ። የልጅቱ ትእዛዝ `SHA` ነበር። የመረጠችው ግን እርሷ አልነበረችም፤ ቅጹ ላይ አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት የቆየ ነው።

ታዲያ `OUR` መምረጥ መፍትሔ ይመስላል፤ ሆኖም ባንኩ ለዚህ ተጨማሪ ያስከፍላል። ጭማሪው 20 ዶላር ቢሆን 15 ዶላር ለማዳን 20 መክፈል ይሆናል። የሚጠቅመው የደረሰው መጠን ከተጻፈው ሳንቲም እንኳ እንዳያንስ ሲፈለግ፣ ለምሳሌ የትምህርት ቤት ክፍያ ወይም የውል ዕዳ ሲላክ ነው።

4. በቀጣዩ ጊዜ ማነጻጸር የሚገባው የሚደርሰውን ነው

ልጅቱ በሚቀጥለው ወር ሁለት የሐዋላ ድርጅቶችን ጠየቀች። አንደኛው «የመላኪያ ክፍያ የለም» የሚል ነበር፤ ተመኑ ግን 47 ነው። ሁለተኛው 5 ዶላር ያስከፍላል፤ ተመኑ 48.50 ነው። ለሁለቱም ያቀረበችው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «ከእጄ 412 ዶላር ቢወጣ እናቴ በእጃቸው ስንት ይቀበላሉ?» የመጀመሪያው 19,364 አለ፤ ሁለተኛው ከ412 ላይ 5 ቀንሶ 407ን በ48.50 አባዝቶ 19,739.50 አለ። ክፍያ የለም ያለው ድርጅት ገቢውን ተመኑ ውስጥ አስቀምጦታል፤ ተመኑ ከመካከለኛው ሦስት ነጥብ ዝቅ ማለቱ ለ412 ዶላር 1,236 ወስዷል።

መልሱ በቃል ብቻ መቅረት የለበትም። ተመኑ ለስንት ሰዓት እንደጸና እንደሚቆይ፣ ተቀባዩም ሲያወጣ ሌላ ተቀናሽ እንዳለ ወይም እንደሌለ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት መታወቅ አለበት። በክሬዲት ካርድ የሚከፍል ሰው ደግሞ የካርዱን ባንክ ይጠይቅ፤ ብዙ ባንኮች ይህን እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ቆጥረው ወለድና ተጨማሪ ክፍያ ያስቡበታል።

5. ስንት ጊዜ እንደሚላክ መወሰን

በባንክ ከተቆረጡት ውስጥ 12፣ 15 እና 6 ዶላር የተላከው ቢበዛም ቢያንስም የማይለወጡ ነበሩ፤ ድምራቸው 33 ዶላር ነው። 400 ዶላሩን ለሁለት ከፍሎ መላክ ይህን 33 ዶላር ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። 100 ዶላር ብቻ የሚልክ ሰው ደግሞ ከገንዘቡ አንድ ሦስተኛውን ያጣል። የተመን ልዩነት ግን ከመጠኑ ጋር ያድጋል፤ ማጠራቀም አይቀንሰውም። ስለዚህ በባንክ መላክ ግድ ከሆነና ቤተሰቡ መታገሥ ከቻለ በሁለት ወር አንድ ጊዜ መላክ ያዋጣል። ልጅቱ ግን እናቷ የቤት ኪራይ በየወሩ ስለሚከፍሉ ይህን ማድረግ አልቻለችም። በየወሩ መላኳን ቀጠለች፤ የምትልከው ግን በሁለተኛው ድርጅት በኩል ሆነ፤ ለእናቷም አስቀድማ የምትነግራቸው ድርጅቱ በጽሑፍ የሰጣትን ቁጥር ነው።