በአጭር ጽሑፍ፣ በዝርዝርና በኮድ ላይ የኤአይ መለያን ስንጠቀም ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ ስለ ጣና የውኃ ሚዛን በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ የመመረቂያ ሪፖርት ለእርማት ቀረበ እንበል። ሪፖርቱ አጭር ማጠቃለያ፣ የወንዞች ዝርዝር፣ ቀመር፣ የኮምፒውተር ኮድና ረዘም ያለ የትንታኔ ክፍል አለው። በኤአይ የተጻፈን ጽሑፍ ለመለየት የተሠሩ ፕሮግራሞች በአብዛኛው የሚመዝኑት፣ ከቀደሙት ቃላት ተነሥቶ ቀጣዩን ቃል መገመት ምን ያህል እንደሚቀል ነው፤ በቀላሉ የሚገመተው ሲበዛ «የማሽን ሥራ ነው» ወደሚለው ፍርድ ያደላሉ።

የመጀመሪያው ስህተት ማጠቃለያውን ብቻ ቆርጦ ማስመርመር ነው። ውጤቱ የብዙ ቃላት አማካይ በመሆኑ፣ በ50 ቃላት ውስጥ ሁለት ሦስት የተለመዱ ሐረጎች መግባታቸው ብቻ ፍርዱን ሊገለብጠው ይችላል። ጽሑፉ ወደ 450 ቃላት ሲያድግ ግን የአማካዩ መዋዠቅ በግምት ወደ ሲሶ ይወርዳል። ተርኒቲን የተባለው የጽሑፍ መመርመሪያ ቢያንስ 300 ቃላት ያሉት ተከታታይ ጽሑፍ የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ኦፕንኤአይም በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው መለያ ከ1,000 ካራክተር በታች እጅግ እንደማያስተማምን ራሱ አስታውቆ ነበር፤ በዚያው ዓመትም በትክክለኛነቱ ማነስ ምክንያት አገልግሎቱን አቋርጦታል።

ሁለተኛውና በእኔ እምነት ከሁሉ የከፋው ስህተት፣ ሌላ አጻጻፍ የሌለውን ነገር ለምርመራ ማቅረብ ነው። ወደ ጣና የሚገቡትን ዋና ዋና ወንዞች የሚዘረዝር ሰው ሁሉ ግልገል ዓባይን፣ ጉማራን፣ ርብንና መገጭን ይጠራል። የውኃ ሚዛኑ ቀመርም እንዲህ ነው፦

```
ΔS = P + R - E - Q
```

የሐይቁ ክምችት ለውጥ፣ ዝናቡና የወንዞቹ ፍሰት ተደምረው ትነቱና በዓባይ በኩል የሚወጣው ውኃ ሲቀነሱ የሚገኝ ነው፤ ይህን ተማሪውም ማሽኑም አንድ ዓይነት አድርገው ይጽፉታል። ስለዚህ ከፍተኛ ውጤት ቢመጣ የሚያሳየው የይዘቱን ተገማችነት እንጂ የጸሐፊውን ማንነት አይደለም።

የኮድ ማብራሪያም ከዚህ አይለይም፦

```python
# read the data file
df = pd.read_csv("tana_level.csv")
```

ፕሮግራም የሚጽፍ ሁሉ የሚለምደው አጭርና ደረቅ አነጋገር ስለሆነ፣ ከመስመሩ ውስጥ የግለሰቡን የአጻጻፍ ጠባይ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ዝቅተኛ ውጤትንም እንደ ነጻ ማውጫ መቁጠር ያው ስህተት ነው፤ በአጭር ጽሑፍ ላይ መለያው በሁለቱም አቅጣጫ ይስታል። በእኛ ምሳሌ ዝርዝሩን፣ ቀመሩንና ኮዱን አውጥቶ የትንታኔውን ክፍል ብቻ ማስመርመር ይገባል። የቀረው ከ300 ቃላት ካነሰ፣ በመዝገቡ ላይ «አልተመረመረም» ብሎ መጻፍና ተማሪው ትነቱን እንዴት እንዳሰላ በቃል እንዲያስረዳ መጠየቅ ይሻላል።