የልብስ ጠርዝ ሲበላሽ፦ አውቶማቲክ ማስክ ይሻላል ወይስ በእጅ የተቀባ?

ችግር፦ ጠርዙ ይወላገዳል

ልብሱን ከጀርባው ለይቶ የሚያወጣው ማስክ ፎቶው አነስ ብሎ ሲታይ ምንም አይወጣለትም። መቶ ፐርሰንት ዙም ስታደርጉት ግን የእጅጌው ጠርዝ እንደቀለጠ ሰም ተወላግዶ ታገኙታላችሁ።

ብዙዎች ማስኩን የሠራው የኤአይ ሞዴል ልብሱን የሳተው ይመስላቸውና ቶሎ ብራሽ ያነሳሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ልብሱን በደንብ አውቆታል፤ ችግሩ የማስኩ ትንሽነት ነው። ሜታ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣውን ሳም የተባለ ሞዴል እንውሰድ። ማስኩን መጀመሪያ የሚሠራው በ256 በ256 ነጥብ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ፎቶው መጠን ይለጥጠዋል። ቁመቱ 4000 ፒክስል በሆነ ፎቶ ላይ እንግዲህ አንዷ ነጥብ ወደ 16 ፒክስል ትሸፍናለች። የእጅጌ ስፌት ደግሞ ከዚያ በታች ይቀጥናል።

መፍትሄው ክሮፕ ነው። እጅጌውን ብቻ 1000 በ1000 አድርጋችሁ ቁረጡና እንደገና አስኪዱት። አሁን አንዷ ነጥብ 4 ፒክስል ገደማ ሆነች። የወጣውን ማስክ ቦታው ላይ መልሱት። ስትቆርጡ ዙሪያውን ትንሽ ጀርባ ተዉ፤ በጣም ካጠበባችሁት ሞዴሉ ልብሱን ከቆዳው መለየት ያቅተዋል። እጥፋት የበዛበት ጥቁር ኮት በነጣ ጀርባ ላይ ከሆነ በዚህ መንገድ የሚገኘው ጠርዝ ከእጅ ሥራ ይበልጣል። እጃችን ሲደክም ትንንሾቹን ማዕዘኖች እያድበለበለ ያልፋቸዋል።

ችግር፦ ክሮፕ አድርጌም ትከሻው ተበላ

ነጭ ሸሚዝ፣ ነጭ ግድግዳ። እዚህ የቀለም ልዩነት ስለሌለ ሞዴሉ የሚይዘው ነገር የለም። መጠን ብትጨምሩም ለውጥ የለውም። የኛ ዓይን ግን ከኮሌታው ወደ እጅጌው ስፌት የሚወርደውን መስመር ያውቀዋል። ስለዚህ በእጅ ሥሩት።

መጀመሪያ ከላይ ጊዜያዊ የከርቭስ ሌየር ጨምሩና ኮንትራስቱን አክሩት፤ የጠፋው ጠርዝ በጥቂቱም ቢሆን ብቅ ይላል። ከዚያ በፔን ቱል መስመሩን ከሚታየው ጫፍ እስከሚታየው ጫፍ አገናኙት። ስትጨርሱ ሌየሩን አጥፉት።

በእጅ የተሠራ ማስክ በመቀስ የተቆረጠ የሚመስለው እዚህ ላይ ነው። የፎቶው ጠርዝ በራሱ ትንሽ ይለሰልሳል፣ የእናንተው ግን ደረቅ ነው። ግልጽ የሆነ ሌላ የሸሚዙን ጠርዝ ዙም አድርጉና ቀለሙ ከልብስ ወደ ጀርባ ለመለወጥ ስንት ፒክስል እንደፈጀበት ቁጠሩ። 3 ከሆነ ማስኩንም በዚያው ልክ አለስልሱት፤ ከዚያ በላይ ካለሰለሳችሁት ጭጋግ ይመስላል።

ችግር፦ ዙሪያውን የድሮው ጀርባ ቀለም ይታያል

ይሄ በሁለቱም ዓይነት ማስክ ይመጣል። ጠርዙ ላይ ያለው ፒክስል የልብሱንም የጀርባውንም ቀለም ቀላቅሎ ይዟል። ማስኩን 1 ወይም 2 ፒክስል ወደ ውስጥ ሰብስቡት። ብለር አታድርጉ፤ ቀለሙን ከማጥፋት ይልቅ ያሰፋዋል።

ዳንቴልና የነጠላ ዘርፍ ላይ ግን መሰብሰቡ ክሩን ራሱን ይበላዋል። እዚያ አልፋ ማቲንግ ተጠቀሙ፤ እያንዳንዱ ፒክስል ምን ያህሉ ክር፣ ምን ያህሉ ጀርባ እንደሆነ የሚያሰላው እሱ ነው።