በጓደኛ ሰርግ ንግግር «ፍቅር» እና «ለዘላለም»ን ስንተካ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሚዜ ሆነው ማይክ ሲይዙ «ፍቅራችሁ ለዘላለም ይኑር» ማለት ቀላል ነው። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ግን ይህን ባለፈው ሰርግም ሰምቶታል። ንግግሩን አዲስ ለማድረግ የሚነሱ ሰዎች ደግሞ እነዚህን ስህተቶች ይሠራሉ።

የተሰለቸውን ቃል በከባድ ቃል መተካት። «ፍቅር» ይወጣና «የልብ ትስስር» ይገባል፤ በ«ለዘላለም» ቦታ «ለዝንተ ዓለም» ይተካል። አድማጩ ዓይን ላይ አሁንም የሚታይ ነገር የለም። ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ያውጡትና «ጓደኛዬ እንደሚወዳት በምን አወቅሁ?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። ሙሽሪት ቤቷ ደሴ፣ ሥራዋ ኮምቦልቻ ነው እንበል። አመሻሽ ላይ ስትመለስ በሁለቱ ከተሞች መሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት ጉም ይሸፍነዋል። ሙሽራው «ሐረጎን አለፍኩ» ብላ እስክትደውል እራት አይበላም፤ እርስዎም አብረውት ጠብቀዋል። እንግዲያው ይህንኑ ይናገሩ፦ «ስልኩ ሳይጮህ እጁን አይታጠብም። ስንቱን ማታ ወጡ ቀዝቅዞብን በላን!» ያን መንገድ የሚያውቅ የደሴም የኮምቦልቻም ሰው ማብራሪያ አይፈልግም።

ታሪኩን ተናግሮ ትርጉሙን መጨመር። ከዚያ በኋላ «እውነተኛ ፍቅር ማለት ይህ ነው» ካሉ፣ ያወጡት ቃል በጓሮ በር ተመልሶ ገባ። የቀዘቀዘው ወጥ ላይ ያቁሙ፤ ሰው ስቆ እስኪጨርስም ዝም ይበሉ።

ሙሽሪትን ሳያማክሩ መናገር። ታሪኩ የእሷም ነውና አስቀድመው ያስፈቅዷት። የድሮ ፍቅረኛ ወሬ ግን ጨርሶ አይነሳም።

«ለዘላለም»ን አውጥቶ ቦታውን ባዶ መተው። ሰርግ ላይ ስለ ነገ መነገር አለበት፤ ስለ ትናንት ብቻ አውርቶ መቀመጥ ቅር ያሰኛል። ያንኑ ታሪክ ወደ እርጅና ይውሰዱት፦ «ፀጉራችሁ ሸብቶም፣ መንገድ የወጣው የሚደውል፣ ቤት የቀረው የሚጠብቅ ያድርጋችሁ!»

ምርቃትን እንደ ተሰለቸ ቃል መቁጠር። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይኼኛው ነው። «ውለዱ ክበዱ» የቱንም ያህል ቢደጋገም ወሎ ላይ ሰው እጁን ዘርግቶ የሚጠብቀው ነው፤ ደግሞም የሽማግሌዎቹ ድርሻ ስለሆነ ለእነሱ ይተውላቸው። የእርስዎን ግን በምርቃት ቅርጽ ይጨርሱት። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ባንድ ድንኳን በሚታደምበት ሰርግ «ብርጭቆ አንሱ» ቢሉ የማይጠጡት ዳር ይቀራሉ። «ያድርጋችሁ!» ሲሉ ግን አንዱ «አሚን»፣ ሌላው «አሜን» ይላል። ያኔ ማይኩን ለሽማግሌዎቹ ያስተላልፉ።