ወደ አዲሱ ሲስተም በአንድ ቅዳሜና እሁድ፦ ቆጠራ፣ መክፈቻ ሂሳብ እና የእሁድ ውሳኔ

ሜክሲኮ ሱቅ፣ ልደታ መጋዘን ያለው የጽሕፈት መሣሪያ አስመጪ እንውሰድ። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት በአዲሱ የሂሳብና የስቶክ ሲስተም መሸጥ ይፈልጋል።

ቅዳሜ 6 ሰዓት፦ ሁሉም ይቁም። የካሽ ሬጅስተሩ ዜድ ሪፖርት ይውጣ። የመጨረሻዎቹ የሽያጭ ደረሰኝ፣ የመጋዘን ገቢና የመጋዘን ወጪ ሰነዶች ቁጥር ተጽፎ ይፈረምበት። «አንድ ካርቶን ብቻ» የሚል ደንበኛ ቢመጣም ሰኞ ይመለስ።

ከሰዓት በኋላ፦ ቆጠራ። ሁለት ሁለት ሰው ሆናችሁ ቁጠሩ። የቆጠራ ወረቀቱ ላይ የመዝገቡ ቁጥር አይኑር፤ ካለ ቆጣሪው ሳያውቀው ወደዚያው ያደላል። መለኪያውንም ቀድማችሁ ተስማሙ። አንድ ካርቶን ወረቀት አምስት ደስታ ስለሆነ፣ አንዱ በካርቶን፣ ሌላው በደስታ ከቆጠረ አምስት እጥፍ ትስታላችሁ።

እንበል የኤ4 ወረቀት ቆጠራ 420 ካርቶን ሆነ፣ መዝገቡ ግን 412 ይላል። ቶሎ ብሎ «ትርፍ ተገኘ» ማለት ያጓጓል። የቅዳሜ ጠዋት ደረሰኞችን ስታዩ 8 ካርቶን ተሸጦ ገና አልተወሰደም። ዕቃው መጋዘን ቢኖርም የእናንተ አይደለም። ለብቻው አስቀምጡት፣ የደንበኛውን ስም ለጥፉበት፣ 412 አስገቡ። የአንዱ ዋጋ 3,000 ብር ከሆነ 420 ብታስገቡ 24,000 ብር የሌለ ንብረት መዘገባችሁ ማለት ነው።

እሁድ ጠዋት፦ መክፈቻ ሂሳብ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ቆጠራውን ስታስገቡ አብዛኛው ሲስተም የስቶክ ሂሳቡን ራሱ ይጨምራል። ከአሮጌው ሲስተም ትራያል ባላንስ ላይ ያንኑ መስመር ደግማችሁ ከጫናችሁ ስቶካችሁ እጥፍ ይሆናል። መፍትሔው አንድ ጊዜያዊ የማሸጋገሪያ ሂሳብ መክፈት ነው። የስቶኩ፣ የተሰብሳቢውና የተከፋዩ ዝርዝር ሲገባ ሌላኛው ጎኑ እዚያ ይረፍ። የትራያል ባላንሱ እነዚህ ሦስት መስመሮችም በራሳቸው ሂሳብ ሳይሆን እዚያው ማሸጋገሪያው ላይ ይጫኑ። ሁሉም ሲያልቅ ማሸጋገሪያው ዜሮ ካልሆነ የሆነ ነገር ጎድሏል ወይም ተደግሟል። የደንበኛ ዕዳ በጥቅል አይግባ። ያልተከፈለ ደረሰኝ አንድ በአንድ ካልገባ ሰኞ የመጣው ቼክ የየትኛው ደረሰኝ እንደሆነ አታውቁም።

እሁድ 10 ሰዓት፦ እንቀጥል ወይስ እንተው? ወሳኙ አንድ ሰው ይሁን፣ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ወይም ፋይናንስ ኃላፊው። ሶፍትዌሩን የሸጠው ድርጅት ግን አይወስን፤ እሱማ መቼም «እንቀጥል» ነው የሚለው። ከእነዚህ አንዱ እንኳ «አይ» ከሆነ አትጀምሩ፦

- ማሸጋገሪያው ዜሮ ነው?
- የስቶኩ ዋጋ ከተፈረመው ቆጠራ ጋር ገጥሟል?
- የሙከራ ሽያጭ ከነ 15 በመቶ ቫቱ በትክክል ተሰልቷል?
- የአሮጌው ሲስተም ባክአፕ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ታይቷል?

የተጠቃሚ ፓስወርድና የፕሪንተር ችግር ሰኞ ጠዋትም ይፈታል፣ በዚያ አትቁሙ። «አይ» ከተባለ ሰኞ በአሮጌው ይሸጣል። የቅዳሜው ቆጠራ ግን ያኔ ያረጃል፤ ለሚቀጥለው ቀጠሮ እንደ አዲስ ይቆጠራል።